«ጀልባው ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቪዲዮ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 4

የእህቴ ልጅ እዚህ ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ነው የሚሠራው። ተሳፋሪ ይጠራል፣ ገመድ ይፈታል፣ ሒሳብ ይሰበስባል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ፈረንጆች ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ መቼ እንደሚነሳ ጠየቁትና «ቱ ኦክሎክ» አላቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነበር። እነሱ በማግስቱ ምሳቸውን በልተው፣ በእኛ ስምንት ሰዓት ላይ ከች አሉ። ጀልባው ጠዋት ሄዷል፤ ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ተነስቶ ሐይቁ ስለተናወጠ የሚወጣ ሌላ ጀልባ አልነበረም። ልጁ ቀብዱን መልሶ፣ ስድብ ይሁን ምክር ያልገባው ነገር ሰምቶ ቤት ገባ።

ልጁ እንግሊዝኛ አያውቅም እንዳይባል አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሯል። ሰዋስው ጠይቁት፣ ይመልሳል። ስለዚህ ቪዲዮው «እንግሊዝኛ ለጀማሪዎች» አይሆንም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዤ እሠራለሁ፤ «ጀልባው ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል»። ተመልካቹ ቪዲዮው ሲያልቅ ይህንን በየትኛውም ሰዓት ቀያይሮ ሳያመነታ መናገር አለበት።

ያለኝ ዕቃ፦ ስልክ፣ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከወንድሜ የተዋስኩት ትራይፖድ። የገዛሁት ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ብቻ ነው፤ 1,800 ብር።

ጥቅምት 9

የመጀመሪያው ስክሪፕት አለቀ። በሦስት ዓምድ ነው የጻፍኩት፤ የሚሰማው፣ ስክሪን ላይ የሚታየው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ፋታ በሰከንድ። ፋታውን በሙሉ ሁለት ሁለት ሰከንድ አደረግኩት፤ ለምን ሁለት እንደሆነ ብጠየቅ መልስ የለኝም።

```
የሚሰማ                      | ስክሪን               | ፋታ
The boat leaves at eight. | ጀልባው 2 ሰዓት ላይ ይነሳል | 2
The boat leaves at eight. | ጀልባው 2 ሰዓት ላይ ይነሳል | 2
አሁን እናንተ በሉት።            | ጀልባው 2 ሰዓት ላይ ይነሳል | 2
```

በስልክ ቀረጽኩት፣ በችኮላ ኤዲት አደረግኩት፣ ለሦስት ሰው በቴሌግራም ላክሁት፦ ለእህቴ ልጅ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ለምትሠራ አስተናጋጅ፣ እና ሃያ ዓመት ያህል ጀልባ ለነዳ አንድ ጎረቤት። እያዩ ጮክ ብለው እንዲደግሙ፣ ሲደግሙም በሌላ ስልክ ድምፃቸውን እንዲቀዱልኝ ለመንኳቸው። ሰው ፊት ቆሜ ብሰማ ያፍራሉ ብዬ ነው።

ጥቅምት 13

ቅጂዎቹ መጡ። ሦስቱም «አሁን እናንተ በሉት» ሲባሉ «ዘ ቦት ሊቭ ኦን ቱ» ነው ያሉት። ከሁለት ሰከንድ በፊት «ኤይት» ሲባል ሰምተዋል፤ ግን «ቱ» አሉ።

ስክሪፕቱን እንደገና ሳየው ጥፋቱ የኔ ሆኖ አገኘሁት። ስክሪኑ ላይ 2 የሚል አኃዝ ተጽፏል። አኃዝ የማንም ቋንቋ አይደለም፤ እንግሊዝኛ ለመናገር ያሰፈሰፈ አፍ 2ን ሲያይ «ቱ» ብሎ ያነባታል። ጆሮ የሰማውን ዓይን ሻረው። ስለዚህ የአማርኛው ሰዓት ከአሁን በኋላ በፊደል ብቻ ይጻፋል፤ «ሁለት ሰዓት»። እንግሊዝኛው ሲመጣ ብቻ ነው አኃዝ የሚወጣው፤ እሱም 8:00 ነው።

«ኦን» ደግሞ ከ«ላይ» የመጣ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር «ኦን» ከሆነ ሁለት ሰዓት ላይ የሚሆነውም «ኦን» መሆን አለበት ብሎ አፍ በራሱ ይወስናል። ማብራሪያ ልጨምር አሰብኩና ተውኩት። ስለ መስተዋድድ ሦስት ደቂቃ ባወራ ማንም አያይልኝም። ከዚያ ይልቅ «አት ኤይት» ሁለት ቃል መሆኑ ቀርቶ እንደ አንድ ቃል እንዲሰማ አደርጋለሁ፤ ከነሰዓቱ ካጠኑት «ኦን» የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም።

አስተናጋጇ ደግሞ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ቀድታልኛለች፤ «ይነሳል ሲል ከእንቅልፉ ነው እንዴ?» ሳቅሁ፤ ግን እውነቷን ነው። የ«ተነሳ»ን እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የተማረችው ከአልጋ ለመነሳት ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ገመድ ሲፈታና ጀልባው ከወደቡ ሲላቀቅ የሚያሳይ አራት ሰከንድ ቪዲዮ ገባ። ትርጉሙን በቃል ማስረዳት ቀረ።

ጥቅምት 18

የእንግሊዝኛውን ድምፅ የኔ አላደረግኩትም። ውጭ አገር ብዙ ዓመት ኖራ የተመለሰች የሥራ ባልደረባዬ አሥራ አራት ዓረፍተ ነገር አነበበችልኝ፤ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ በተለመደው ፍጥነት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዝግታ።

የዝግታው ቅጂ ጉድ ሠራኝ። «ቀስ ብለሽ» ስላት ቃል በቃል ቆራርጣ አነበበች፤ ዘ፣ ቦት፣ ሊቭዝ፣ አት፣ ኤይት። ጥርት ያለ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን እንደዚያው ቆራርጦ ደገመው፤ ሲቆራርጥ ደግሞ የ«ሊቭዝ» መጨረሻ ጠፋች። እሱ ብቻ አይደለም፤ ሦስቱም ይጥሏታል። በአማርኛ «ይነሳል» ስንል ማን እንደሆነ የሚነግረን ከፊት ያለው «ይ» ነው፤ እንዲህ ባለው ግሥ ኋላ የምትንጠለጠል አንዲት ድምፅ ጆሯችን አይጠብቅም።

በተለመደው ፍጥነት የተነበበውን ደጋግሜ ስሰማው መፍትሔው እዚያው ውስጥ ነበር። ባልደረባዬ በፍጥነት ስትናገር ያቺ «ዝ» ብቻዋን አትቆምም። ወደሚቀጥለው «አት» ተሻግራ «ሊቭ-ዛት-ኤይት» ትሆናለች። «ዛ» ለኛ አፍ ምንም አይከብድም፤ ከፊደል ገበታችን ላይ ያለች ናት። ስለዚህ ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ካልቆራረጠው «ዝ»ዋን መጣል ራሱ ይቸግረዋል።

የዝግታውን ቅጂ ጣልኩት። በምትኩ ከኋላ ወደ ፊት መገንባት ጀመርኩ። መጀመሪያ የዓረፍተ ነገሩ ጅራት ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ ከፊቱ አንድ ቃል ይጨመራል፤ ከዚያ ሙሉው። ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው።

```
የሚሰማ                      | ስክሪን                      | ፋታ
at eight                  | ባዶ                        | 3
leaves at eight           | ባዶ                        | 4
The boat leaves at eight. | ባዶ                        | 5
The boat leaves at eight. | The boat leaves at eight. | 5
```

ከፊት ወደ ኋላ ከሄድን «ዘ ቦት»ን አሥር ጊዜ ብለውት መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ያልቅባቸዋል፤ ከባዱ ክፍል ደግሞ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። ከኋላ ሲጀመር ግን ሁልጊዜ የሚገሰግሱት ወደሚያውቁት ነው፤ ድምፁም መጨረሻ ላይ እንደ ተናጋሪዋ ዝቅ ይላል።

ጽሑፉ አራተኛው መስመር ላይ ብቻ የወጣበት ምክንያት አለው። ቀደም ብሎ ሲወጣ ያነባሉ እንጂ አይሰሙም። እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ሞክሬ ነበር፤ እንግሊዝኛውን በግዕዝ ፊደል ከሥሩ መጻፍ። አስተናጋጇ በጣም ወደደችው፤ ጎረቤቴም እንዲሁ። ቅጂያቸውን ስሰማ ግን እንግሊዝኛው በአማርኛ ዜማ ተነበበ። ሳድስ ፊደል አናባቢ አልባም ትሆናለች፣ አናባቢም ይኖራታል፤ የቱ እንደሆነ አንባቢው እንደለመደው ይወስናል። ለማንበብ ይቀላል ተብሎ የገባው ነገር ማዳመጥን አስቀረ። አወጣሁት፤ ሁለቱም እስካሁን ቅር ብሏቸዋል።

ጥቅምት 22

ፋታው። ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ይሄ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ከስልክ ሰዓት ጋር አስተያየሁ። ባልደረባዬ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር በአንድ ሰከንድ ተኩል ትጨርሳለች። የእህቴ ልጅ ከሰማ በኋላ አፉን ለመክፈት አንድ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፣ ለመናገር ደግሞ ወደ ሦስት ሰከንድ ይጠጋል። ሁለት ሰከንድ ስሰጠው «ዘ ቦት ሊ...» ላይ እያለ ቀጣዩ ድምፅ ይመጣበታል። ከሁለትና ሦስት ጊዜ በኋላ መድገሙን ትቶ ማየት ብቻ ጀመረ። ከቅጂው ላይ ይሰማል፤ ዝም ይላል፣ አንዴም ያዛጋል።

አሁን የምጠቀምበት ስሌት፦ ለመድገም ብቻ ከሆነ የተናጋሪዋ ርዝመት በሁለት ተባዝቶ አንድ ሰከንድ ይጨመራል። አማርኛ ሰምቶ እንግሊዝኛ ማውጣት ካለበት ደግሞ በሁለት ተባዝቶ ሦስት ሰከንድ። በዚህ ስሌት ሙሉው ዓረፍተ ነገር ለመድገም አራት፣ ለማውጣት ስድስት ሰከንድ ይሆናል። ሠንጠረዡ ላይ ለመድገም አምስት የሰጠሁት ለጎረቤቴ ብዬ ነው፤ ረጋ ያለ ሰው ነው።

ፋታዎቹ ሲቆጠሩ 46 ናቸው። በስልክ አንድ በአንድ መሰንጠቅ ስለሰለቸኝ ላፕቶፑ ላይ ባዶ ድምፅ ሠራሁ፦

```
ffmpeg -f lavfi -i anullsrc=r=48000:cl=mono -t 5 fata5.wav
```

በመሀል አስገብቼ ላክሁ። ወዲያው የእህቴ ልጅ ደወለ።

«ጋሼ፣ ቪዲዮህ እየተቆራረጠ ነው። ኔትወርክ ነው መሰለኝ።»

«ሙሉውን አውርደኸው የለም እንዴ?»

«አውርጄዋለሁ። እሱስ ራሱ ይቋረጣል።»

ገባኝ። ፍጹም ጸጥታ ለኛ ሰው ፋታ አይመስለውም፤ ኔትወርክ ሄደ ነው የሚለው። ስክሪኑም ስለማይንቀሳቀስ ጥርጣሬው ይጸናል። ልጁ ስልኩን እየነካካ አራት ፋታ አልፎታል።

ሁለት ነገር ቀየርኩ። አንደኛ፣ ከስክሪኑ ሥር ፋታው ሲጀምር ሙሉ ሆኖ ሲያልቅ ባዶ የሚሆን ቢጫ መስመር አስገባሁ። ሁለተኛ፣ በባዶ ድምፅ ፋንታ የቀረጽኩበትን ክፍል ዝምታ ቀዳሁ። ሰው ሳይናገር ክፍሉ የራሱ ሹክሹክታ አለው፤ እሱ ካለ ጆሮ ቪዲዮው እንዳልቆመ ያውቃል።

```
ffmpeg -stream_loop -1 -i kifil.wav -t 5 fata5.wav
```

ይሄም ያለ ችግር አላለፈም። የቀዳሁት ዝምታ ሦስተኛው ሰከንድ ላይ የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኋል። ሁሉም ፋታ ከአንድ ቦታ ስለሚጀምር ያው ዶሮ ከሦስት ሰከንድ በላይ በሆነ ፋታ ሁሉ ውስጥ፣ በዚያው ቅጽበት ይጮኻል። እኔ ሦስት ጊዜ አይቼው አልሰማሁትም፤ ባለቤቴ ከማዕድ ቤት ሆና «ዛሬ ምን ሆኖ ነው ይሄ ዶሮ?» ስትል ነው የነቃሁት። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ተነስቼ ሰላሳ ሰከንድ ንጹሕ ዝምታ ቀዳሁ።

ጥቅምት 29

መድገሙ ተስተካክሏል። ዋናው ጉዳይ ግን ገና ነው፤ ሰዓቱን ማዛወር። «ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል በሉ» ስላቸው «ናይን» ማለት አለባቸው። አሁንም «ስሪ» ይላሉ፤ ወይም ዝም ብለው ያስባሉ፣ ፋታው ያልቃል።

መጀመሪያ ስድስት መደመርና መቀነስ አስተማርኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ይደመራል፣ ከሰባት ጀምሮ ይቀነሳል። ትክክል ነው፤ ግን ወደብ ላይ ሰው ፊት ቆሞ የሚደምር የለም። ሁለተኛ የሞከርኩት የሰዓት ገጽ ነው፤ የእኛና የፈረንጅ ቁጥር ምንጊዜም ትይዩ ናቸው። ከሁለት ፊት ለፊት ስምንት፣ ከሦስት ፊት ለፊት ዘጠኝ፣ ከሰባት ፊት ለፊት አንድ። ጎረቤቴ በእጁ ሰዓት ያስራልና ወዲያው ያዘው። የእህቴ ልጅና አስተናጋጇ ግን የእጅ ሰዓት አስረው አያውቁም፤ የሰዓት ገጽ ለነሱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው።

ተስፋ ቆርጬ ከልጁ ጋር ሻይ እየጠጣን «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት፤ ለሌላ ጉዳይ ነው የጠየቅሁት። ስልኩን አወጣ፣ አየ፣ «አሥር ሰዓት ከሩብ» አለ። ስልኩ ላይ ያለው 4:15 ነበር።

ልጁ በቀን ስንት ጊዜ ይሄንን ያደርጋል! ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ነው የተሞላው፤ እሱ ግን 4ን አይቶ «አሥር» ብሎ ያነባል። መዛወሩን ያውቀዋል፤ የለመደው ግን ከአኃዝ ወደ አማርኛ ብቻ ነው። እኔ ሳስተምረው የነበረው አዲስ ሒሳብ አልነበረም፤ የሚያውቀውን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ብቻ ነው የጎደለው።

ስክሪፕቱ እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈለ። በመጀመሪያው ክፍል ስክሪኑ ላይ የስልክ ፊት ይወጣል፤ 8:00። ተማሪው ያየውን በእንግሊዝኛ ይላል፤ ምንም አይዛወርም፣ ፋታው አራት ሰከንድ ነው። 9:00፣ 10:00፣ 1:00 እያለ ይቀጥላል። በሁለተኛው ክፍል የስልኩ ፊት ጥቁር ይሆንና «ሦስት ሰዓት» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ፋታው ስድስት ሰከንድ ነው። በአራተኛው ሰከንድ ላይ ጥቁሩ ስልክ በርቶ 9:00 ያሳያል፤ የደረሰ ራሱን ያረጋግጣል፣ ያልደረሰ ደግሞ አይቶ ለመናገር ሁለት ሰከንድ ይቀረዋል። ከዚያ ተናጋሪዋ መልሱን ትላለች።

ተኩል የሚለውን «ሰርቲ» ብለን እናነባለን፤ «ኤይት ሰርቲ»፣ «ናይን ሰርቲ»። ሩብና ሩብ ጉዳይን አውጥቻቸዋለሁ። ምክንያቱም «ፊፍቲን»ና «ፊፍቲ» ገና ለጆሯቸው አንድ ናቸው፤ የሠላሳ አምስት ደቂቃ ስህተት ጀልባ ያስመልጣል። ለብቻው ቪዲዮ ያስፈልገዋል።

ኅዳር 3

ጽሑፉ። ላፕቶፑ ላይ የጫንኩት ጽሑፍ ሲወጣ እንግሊዝኛው ደህና ነው፣ አማርኛው ግን በሙሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆነ። ፎንቱ የግዕዝ ፊደል የለውም። Abyssinica SIL ነፃ ነው፣ ላቲኑንም ግዕዙንም ይዟል፤ እሱን ሰጠሁት፣ ተስተካከለ።

የፊደል መጠን ላይ ግን ተሸወድኩ። ላፕቶፕ ላይ ያማረው ጽሑፍ ስልክ ላይ ጉንዳን ሆነ። ሰው ዳታ ለመቆጠብ በ360 ጥራት ነው የሚያየው፤ በዚያ ጥራት ካዕብና ሣልስ አይለዩም፤ ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ ከጎን የምትወጣው ጭረት ያለችበት ቦታ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ፣ ቢበዛ አራት ወይም አምስት ቃል፣ ነጭ ፊደል ከጥቁር ሰሌዳ ላይ። የሐይቁ ውኃ ከጀርባ እንዲታይ ፈልጌ ነበር፤ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ፊደሉን ይውጠዋል።

ኅዳር 8

ወደቡ ላይ ቀረጻ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን፤ እስከ አራት ሰዓት ሐይቁ እንደ መስታወት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ማይኩ ውስጥ የነፋስ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ማይኩን በስፖንጅ ጠቅልዬ ሞከርኩ፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሰው የሚናገርባቸውን ትዕይንቶች በሙሉ ወደ ጠዋት አዛወርኩ። ለጀልባው ነዳጅ 700 ብር ከፈልኩ።

የመጨረሻው ክፍል ንግግር ነው። ባልደረባዬ ጎብኚ ትሆናለች፤ ካሜራው ተማሪው ነው፤ የሱ ተራ ሲደርስ ቢጫው መስመር ይወጣል።

```
- What time does the boat leave?
  [ሁለት ሰዓት]            ፋታ 6
- In the morning?
  [አዎ፣ ጠዋት]            ፋታ 4
- And what time do we come back?
  [ስድስት ሰዓት ተኩል]      ፋታ 7
```

«ጠዋት?» የሚለውን ጥያቄ ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ሰዓቱን ተሳስቶ ቢናገር እንኳ ይሄ ጥያቄ ያድነዋል። የፈረንጆቹ ለትም «ጠዋት» የምትል ቃል ብትጨመር ኖሮ ሁሉም በደህና ይጠናቀቅ ነበር።

ኅዳር 13

ቪዲዮው ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሆነ። ከዚያ ውስጥ ወደ ሦስት ደቂቃ ተኩል የሚጠጋው ፋታ ነው። ለሦስቱ ላክሁ፤ አሁን ቅጂ ሳልጠይቅ ወደቡ ላይ ሄጄ ሰማሁ።

አስተናጋጇ ሁሉንም በልካቸው መለሰች። ጎረቤቴ የስልኩን ክፍል ዘልሎ የእጅ ሰዓቱን እያየ ነው የሠራው፤ ሠርቶለታል፣ አልተከራከርኩም። የእህቴ ልጅ «ሊቭ-ዛት-ኤይት»ን እንደ ውኃ አወረደው፤ «አዎ፣ ጠዋት»ንም እንዲሁ። «መቼ ነው የምንመለሰው?» የሚለው ላይ ግን ፋታው ሙሉ ሰባት ሰከንድ አለቀ። «ስድስት ሰዓት ተኩል» የሚለው ገብቶታል፤ «ትዌልቭ ሰርቲ»ም ከአፉ ወጥታለች። የጠፋው «እንመለሳለን» የሚለው ነው፤ እሱን በመገንባት ክፍል ውስጥ አንዴም አላስደገምኩትም፣ ንግግሩ ላይ ብቻ ነው በድንገት የሰጠሁት።

ስለዚህ አንድ ክፍል ይጨመራል። ከኋላ ይጀምራል፤ «አት ትዌልቭ ሰርቲ»፣ ከዚያ «ካም ባክ አት ትዌልቭ ሰርቲ»፣ ከዚያ ሙሉው። ባልደረባዬ ማክሰኞ ጠዋት ትመጣለች፤ ከአራት ሰዓት በፊት እንጨርሳለን።